ሐሙስ ውሃ ይዘጋል

የጂንካ ከተማ የውሃ ቴክኒሺያን አንጁሎ ደብዳቤ መጻፍ አይወድም ነበር። ቧንቧ ቁረጥ ቢሉት ይቆርጣል፤ ጫፉን እንደ ብሎን ጥርስ አውጣለት ቢሉት ያወጣል፤ ብዕር ሲያስጨብጡት ግን በሰው ፊት እንደቆመ ሙሽራ ላብ ያጠምቀዋል። በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ከጎፋ የመጣው ሥራ ፍለጋ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜው ያለቀው መሬት ውስጥ ካሉ ብረቶች ጋር ሲታገል ነው። ለብረት ደግሞ ደብዳቤ አይጻፍም።

በሰባ አምስት መጋቢት ግን መጻፍ ግድ ሆነበት። ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ የምንጩ ውሃ የሚጠራቀምበት የግንብ ጋን አለ። ከጋኑ ወደ ከተማው የሚወርደው ዋናው ቧንቧ አንድ ቦታ ላይ ክፉኛ በስብሷል። ቦታውን ሠራተኞቹ «አፋፉ» ይሉታል፤ በአንድ ወገኑ ድንጋይ፣ በሌላው ወገኑ ገደል ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ከአሮጌው ጎን አዲስ ቦይ ተቆፍሮ፣ አዲሱ ቧንቧ ተዘርግቶ፣ ለማገናኘት ብቻ ውሃው ለጥቂት ሰዓት ይዘጋ ነበር። አፋፉ ላይ ለሁለት ቧንቧ የሚሆን ስፍራ የለም። አዲሱ የሚተኛው አሮጌው በተኛበት ነው፤ ስለዚህ አሮጌው መውጣት አለበት፣ እሱ ወጥቶ አዲሱ እስኪገባ ከተማው ያለ ውሃ መሰንበት አለበት።

ባለፈው ክረምት ጎርፍ መስመሩን በጥሶት ውሃው ሳይነገር፣ ሳይታሰብ ጠፍቶ ነበር። ሰው ማሰሮውን ይዞ ወደ ኔሪ ወንዝ ወረደ። የደፈረሰውን ጠጣ። በዚያ ሰሞን ከሞቱት ሕፃናት አንዷ የአረጋሽ ልጅ ነበረች። አረጋሽ የታችኛው ቦኖ ጠባቂ ናት፤ የሰፈሩን ቧንቧ የምትከፍተው፣ የምትዘጋው፣ ወረፋ የምታስይዘው እሷ ናት። ልጇን ቀብራ በሦስተኛው ቀን ቦኖዋ ላይ ተመልሳ ቆመች። አንጁሎ ያንን ቀን አይረሳም። ስለዚህ አሁን ውሃ ልዝጋ ካለ አስቀድሞ ለእያንዳንዱ ሰው መንገር አለበት፤ ለዚህ ነው ብዕር ያነሳው።

የጻፈው ይህን ነበር፦

«ለጂንካ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ። የፊታችን ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የከተማው ውሃ ይዘጋል። የሚዘጋው ከጋኑ በታች አፋፉ ላይ ያለው ዋናው ቧንቧ ስለበሰበሰ ነው። እስከ ዛሬ ጠጋግነነዋል፤ ከእንግዲህ ግን ጥገና አይዝም። ቦታው ጠባብ ስለሆነ አሮጌውን ሳናወጣ አዲሱን መቅበር አንችልም። ሐሙስ እንቆፍራለን፤ ዓርብ እንገጥማለን፤ ቅዳሜ ጠዋት ገበያው ሳይቆም ውሃው ይመለሳል።

«እስከ ረቡዕ ማታ ባላችሁ ዕቃ ሁሉ ውሃ ሞልታችሁ ክደኑት። ጤና ጣቢያው በርሜሎቹን ቀድሞ ይሙላ፤ ወረፋ አትከልክሉት። ውሃው ሲጠፋ ቧንቧችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ ዝጉ፤ ክፍት ከተዋችሁት ሲመለስ በከንቱ ይፈስሳል። ሲመለስ መጀመሪያ አየር ይተፋል፤ ቀጥሎ ቀይ ውሃ ይመጣል። ቀዩን አትጠጡ፣ ለልጅም አትስጡ፤ እስኪጠራ ይፍሰስ። መድኃኒት ስለምንጨምርበት ትንሽ ቢሸታችሁ አትደንግጡ።

«በዚህ ሁሉ ስለማስቸግራችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያልገባው ነገር ያለ ሰው ከሐሙስ ማለዳ ጀምሮ አፋፉ ላይ ያገኘኛል። አንጁሎ፣ የውሃ ቴክኒሺያን።»

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ነጋሽ ወረቀቱን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«ጓድ አንጁሎ፣ ይሄ ማስታወቂያ ነው ወይስ ሽምግልና የተላከ ሰው ንግግር? ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ አትደንግጡ... ደግሞስ በገዛ ስምህ ትፈርማለህ እንዴ? መሥሪያ ቤት ነው የሚፈርመው። ቅዳሜ ውሃው ባይመጣ ሰው ማኅተሙን አይበላም፤ የሚበላው አንተን ነው።»

«ለዚህ ብዬ ነው ጓድ ነጋሽ። ማኅተም ቤቱ ሄደው አያንኳኩበትም። እኔን ቤቴን ያውቁታል።»

ነጋሽ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደብዳቤ ሁሉ ወታደር መምሰል አለበት ብሎ የሚያምን ሰው ነበር እንጂ። ከላይ አንድ መፈክር፣ ከታች አንድ መፈክር ጨመረበትና ማኅተሙን መታ። መካከሉን ግን አልነካውም።

ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ የከተማው አዋጅ ነጋሪ ተሰማ ድንጋይ ላይ ወጥቶ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በአሪኛ አነበበው። ተሰማ እናቱ አሪ ናት፤ በሁለቱም ቋንቋ አንደበቱ ርቱዕ ነው። አንድም ቃል አላጎደለም። ይቅርታውንም፣ «አፋፉ ላይ ያገኘኛል» የሚለውንም አሳምሮ ተናገረ። የገበያው ሰው ሁሉ ሰማ። ከላይኛው የአሪ መንደር ቆጮና ጎደሬ ይዘው የወረዱት ሰዎችም ሰሙ። እነሱ የከተማውን ቧንቧ ቀምሰውት አያውቁም፤ የሚጠጡት ከምንጭ ነው። አንጁሎ ግን ይህን ልብ አላለም፤ ዓይኑ አረጋሽ ላይ ነበር።

አረጋሽ ሰው ሲበተን ወደ እሱ መጣች። ሁለቱ የአንድ ጸሎት ቤት ምእመናን ነበሩ፤ ጸሎት ቤቱን መንግሥት ካሸገው ወዲህ የሚገናኙት ቦኖው ላይ ነው።

«ወንድም አንጁሎ፣ ቅዳሜ ነው ያልከው?»

«ቅዳሜ ጠዋት እህቴ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባል የለ።»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ምላሱን ቢነክስ በወደደ። አረጋሽ ግን አላለቀሰችም፤ ቀና ብላ አየችው።

«ያንን ተረት ያወጣው ልጁ ያልሞተበት ሰው ነው» አለች። «እኔ አንድ ልጅ ቀርቶኛል። ቃልህን አላምንም፤ በርሜል ነው የማምነው።»

እውነትም እስከ ረቡዕ ድረስ የእሷን ያህል ውሃ ያከማቸ ሰው በከተማው አልነበረም። ከጎረቤት በርሜል ተዋሰች፤ ጋን ለመነች፤ የመታጠቢያ ሳፋ ሳይቀር ሞላች። ቤቷ ውስጥ እግር ማሳረፊያ ጠፋ። ቢያንስ ደብዳቤውን ቃል በቃል ፈጽማለች፤ ሁሉንም ከድናዋለች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መርዶ መጣ። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ወደ ከተማው በሚያስገባው መንገድ ላይ ያለውን ድልድይ ወስዶታል። ጭነት መኪኖች ማዶ ቆመዋል፤ እህልም መድኃኒትም እዚያው ነው። ለአንጁሎ የተመደቡት የቀን ሠራተኞች በሙሉ በነጋሽ ትእዛዝ ከነአካፋቸው ወደ ድልድዩ ተጫኑ። ነጋሽን ማን ይወቅሰዋል? መድኃኒት ያለ ድልድይ አይሻገርም። አንጁሎ ግን ከረዳቱ ከዶላሞ ጋር ሁለት ራሳቸውን ቀሩ። ያንን ቦይ ሁለት ሰው ይቆፍረው ቢባል ፋሲካ ገብቶ ይወጣል።

ማታ ሌላ ደብዳቤ ጻፈ። «ሥራው ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል» የሚል፤ አጭር ነው፤ ይቅርታ የሚለውን ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ ሰረዘው፤ አፍሮ ነው። የበልጉ ዝናብ ገብቷል፤ አፋፉ እስከ ሰኔ አይነካም፤ ቧንቧው ደግሞ እስከ ሰኔ አይቆይም። ሲበጠስ ማንንም ሳያስጠነቅቅ ነው፤ እንደ አምናው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ተኛ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደውም።

ሐሙስ ማለዳ ወረቀቱን ለተሰማ ለማድረስ ወጣ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆም አለ። «ያልገባው ሰው አፋፉ ላይ ያገኘኛል» ብሎ ጽፏል። አንድ ሰው ጥያቄ ይዞ ሽቅብ ወጥቶ ቢያጣውስ? በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ መዋሸት አልፈለገም። ዶላሞን ጠርቶ መጀመሪያ ወደ አፋፉ ወጡ።

ገና ሳይደርሱ ድምፅ ሰሙ። ዶላሞ ዝናብ መስሎት ሰማዩን አየ። ዝናብ አልነበረም፤ የዶማ ድምፅ ነበር።

ከመታጠፊያው ሲወጡ አንጁሎ ቆመ። አፋፉ በሙሉ፣ ከጋኑ ሥር ጀምሮ እስከ ታችኛው ድንጋይ ድረስ፣ በሰው ተሞልቷል። ወንዱ በአንድ መስመር ቆሞ ይቆፍራል፤ ሴቱ አፈሩን ወደ ገደሉ ወገን ይገፋል፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ዶማዎቹ አብረው ይነሳሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ምድሪቱ ራሷ የምትተነፍስ መሰለው። በዕድሜው ይህን ያህል ሰው ለአንድ ቦይ ጎንበስ ሲል አላየም ነበር። ቆቡን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ ግን አላወቀም።

አንድ ሽማግሌ ዶማቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። ከላይኛው መንደር ቆጮ ይዘው የሚወርዱት ኤርጎ ናቸው፤ በመልክ ያውቃቸዋል።

«ዘገየህ» አሉት። «ባለ ሥራው መጀመሪያ ይመጣል። ባይመጣም እኛ ጀመርን።»

«አባባ፣ ማን ነው የላካችሁ? ቀበሌው ነው? አውራጃው ነው?»

ኤርጎ ግራ ገባቸው። «አንተ ነህ። ቅዳሜ ተሰማ ተናገረ። አንጁሎ ሐሙስ አፋፍ ላይ ይቆፍራል፣ ማለዳ እዚያ ነኝ ይላል፣ ስለማስቸግራችሁ ይቅርታ ይላል። ሰማን፤ መጣን።»

አንጁሎ ያኔ ነው የገባው። እሱ ባደገበት አገር ደቦ የሚጠራ ሰው በየቤቱ ዞሮ ይለምናል። በእነ ኤርጎ መንደር ግን ልመና የለም። ሰው በጎረቤቱ ፊት ቆሞ የሚቆፍርበትን ቀንና ቦታ ከተናገረ ጠርቷል ማለት ነው፤ የሰማም ሰው ዶማውን ይዞ ይመጣል። አለዚያማ ቀኑን ለምን ይናገራል? በተለይ ደግሞ ስለማስቸግራችሁ ብሎ አስቀድሞ ይቅርታ የጠየቀ ሰው! ያ ጨዋ ጠሪ ነው። ተሰማ የተናገረው አንድም ስህተት የለበትም። የተሳሳተው፣ ምን እንደጻፈ ያላወቀው፣ ጸሐፊው ራሱ ነው።

እጁ ኪሱ ውስጥ ያለውን ወረቀት ነካ። ልንገራቸው፣ ተሳስቻለሁ፣ ተመለሱ ልበላቸው ብሎ አፉን ሲከፍት ከቦዩ መካከል ጩኸት ተሰማ። ቧንቧው ፈንድቷል። ማንም አልመታውም፤ የበሰበሰውን ብረት ለዘመናት ደግፎ የያዘው አፈሩ ነበር፤ አፈሩ ሲነሳለት የውሃውን ግፊት ብቻውን አልቻለም። ውሃው ከሰው ቁመት በላይ ተወረወረ። ጎረምሶቹ ውሃው እየነከራቸው ሳቁ።

አንጁሎ ግን አልሳቀም፤ ወደ ጋኑ ሮጠ። ከእንግዲህ ምርጫ የለም፤ ወይም ዛሬ ይሠራል፣ ወይም ከተማው እንደ አምናው ወደ ኔሪ ይወርዳል። የመዝጊያውን መዘውር በሁለት እጁ ይዞ ጠመዘዘ፤ እስኪቆም ጠመዘዘ። የተወረወረው ውሃ አጠረ፤ ተንጠባጠበ፤ ቆመ። ታች በከተማው ቦኖዎቹ ሁሉ በዚያች ሰዓት ዝም እንዳሉ ያውቃል። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ቀደደውና ወረደ፤ አንድ ዶማም ተቀበለ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ይህን ተረት አንጁሎ ልጅ ሆኖ ተምሮታል፤ በዓይኑ ያየው ግን ያን ቀን ነው። ለሁለት ቀን ያሰበው ቁፋሮ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሊያልቅ ተቃረበ። እሱ ከቦዩ ጫፍ እስከ ጫፍ እየተሯሯጠ ጥልቀቱን ይለካል፤ ከቧንቧው ሥር ድንጋይ እንዳይቀር ያስለቅማል። ዶላሞ ጎረምሶቹን ይዞ ወደ ከተማው ወረደና አዲሶቹን ቧንቧዎች በትከሻ አስጭኖ አወጣ፤ አንዱን ረጅም ብረት ሁለት ሁለት ሆነው ተሸክመውት እየዘፈኑ።

እኩለ ቀን ሲሆን ግን አንድ ነገር ትዝ አለው። ደቦ የጠራ ሰው ያበላል፤ ያጠጣል። ይህ በጎፋም በአሪም አንድ ነው። እሱ ግን ምንም የለውም። ይህ ሁሉ ሰው ከማለዳ ጀምሮ ላቡን አፍስሶ አንድ ጭላጭ አልቀመሰም። ውሃውን ደግሞ በገዛ እጁ ዘግቶታል! የኤርጎ ከንፈር ደርቋል። አንጁሎ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

ያኔ ነው ከታች ሰልፍ የታየው። ከፊት አረጋሽ ናት፤ በጀርባዋ እንስራ አዝላለች። ከኋላዋ የታችኛው ቦኖ ሴቶች፣ ከእነሱ ኋላ የላይኛው ቦኖ ሴቶች፤ ጋን ያዘሉ፣ ባልዲ ያንጠለጠሉ፣ ንፍሮ በቁና የተሸከሙ፣ የተቀቀለ ጎደሬ በኮባ ቅጠል የጠቀለሉ። ዶላሞ ቧንቧ ሊያወጣ ሲወርድ ያየውን ለከተማው ሁሉ አውርቶ ነበር።

አረጋሽ እንስራዋን አወረደችና ቅሉን ሞልታ መጀመሪያ ለኤርጎ ሰጠች። አንጁሎ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህቴ፣ ይሄ ያስቀመጥሽው ውሃ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ስንቱን አመጣሽው?»

«ሁሉንም እያመጣሁት ነው። ገና ሁለቴ እመለሳለሁ።»

«ለልጅሽስ? ቅዳሜ ገና ነውኮ።»

አረጋሽ ቅሉን ለሚቀጥለው ሰው እየሞላች ነበር። እጇ አልቆመም። «ቅዳሜ ይመጣል ብለህ የለ?» አለች። «ታዲያ ለምን አስቀምጠዋለሁ?»

አንጁሎ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ አለቀሰ፤ ሰው አየኝ አላየኝም አላለም። እግዚአብሔር ሰውን እንዲህ አድርጎ ሠርቶታል? ሰባት ዓመት ስብሰባ ላይ ስለ ሕዝብ ኃይል ሲነገረው እያንቀላፋ ኖሯል። ይኸው ሕዝቡ፤ ማንም ሳይሰበስበው፣ ማንም ስሙን ሳይመዘግበው፣ የቁፋሮው ቀን ስለተነገረው ብቻ የመጣ።

ዓርብ የአንጁሎና የዶላሞ ቀን ነበር። አሮጌውን በሰጌቶ፣ ማለትም በብረት መጋዝ፣ እየቆራረጡ አወጡት፤ የአንዳንዱ ቧንቧ ግድግዳ እንደ እንቁላል ቅርፊት ሳስቶ በጣት ይሰበራል። የአዲሶቹን ጥርስ ቃጫ ጠመጠሙበት፤ ቀለም ቀቡት፤ አንዱን በአንዱ ላይ አጠበቁ። እዚህ ላይ የሕዝብ ብዛት አይረዳም፤ መጋጠሚያ በተራ ነው፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም። ግን ቧንቧ የሚያነሳና የሚያስተካክል ትከሻ አልጠፋም። ሲመሽ የመጨረሻው ተገጠመ። አንጁሎ መጋጠሚያዎቹ እንዳይሸፈኑ አዘዘ፤ ውሃ ገብቶባቸው ሳይታይ አፈር አይመለስባቸውም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ መድኃኒቱን ጨምሮ መዘውሩን ትንሽ ብቻ ከፈተ። ደረቅ ቧንቧ ላይ ውሃ በአንዴ ከለቀቁበት አየሩ መውጫ አጥቶ አዲሱንም ይሰብረዋል። ኤርጎ አብረውት ነበሩ፤ የቆፈርነውን ነገር መጨረሻውን ልይ ብለው ከተማው ውስጥ በእንግድነት አድረዋል። ሁለቱ ከመስመሩ ጋር እየወረዱ እያንዳንዱን መጋጠሚያ አዩ። አንጁሎ ጎንበስ ብሎ ይዳስሳል፤ ኤርጎም ጎንበስ ብለው ይዳስሳሉ። ደረቅ ነው። ከብረቱ ውስጥ ግን የሆነ ነገር ሲሄድ ይሰማል።

«ይሄዳል» አሉ ኤርጎ፤ በሹክሹክታ።

ታችኛው ቦኖ ሲደርሱ ሰፈሩ ሁሉ ቆሟል። አረጋሽ ቧንቧውን ከፍታ ትጠብቃለች። ቧንቧው አንዴ ሳለ። ዝም አለ። ደግሞ ሳለ፤ አጓራ፤ ትንፋሹን ተፋ። ከዚያ ቀዩ ውሃ መጣ። ልጇ እጁን ሲዘረጋ አረጋሽ ወደ ኋላ መለሰችው፤ ሌላውም ማንም እጁን አልዘረጋም። ደብዳቤውን ሰምተዋል። ቀዩ ፈሰሰ፣ ቢጫ ሆነ፣ ነጣ፣ ጠራ። ጠርቶም አረጋሽ ጥቂት እንዲፈስስ ተወችው። ከዚያ በእፍኟ ቀዳች፤ መጀመሪያ ራሷ ጠጣች፤ ቆየች፤ ከዚያ ለልጇ ሰጠች።

የጸሎት ቤታቸው በር እንደታሸገ ነው። ግን በዚያ ጠዋት በቦኖው ዙሪያ አንድ ሰው በለሆሳስ መዝሙር ጀመረ፤ የከለከለም አልነበረም። ገበያተኛው ገና ከኮረብታው መውረድ መጀመሩ ነበር።

ኤርጎ ውሃውን አዩ፤ ወደ ኮረብታው ቀና ብለው አዩ፤ ተመልሰው ውሃውን አዩ። «እዚያ ገባ፤ እዚህ ወጣ» አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

አንጁሎን ከሐሙስ ጀምሮ ሲበላው የነበረው ነገር ወጣ። «አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። ይህ ቧንቧ ወደ እናንተ መንደር አይደርስም። መንደራችሁ ከጋኑ በላይ ነው፤ ውሃው ሽቅብ አይወጣም። የቆፈራችሁት ለእኛ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ ኤርጎ። «ውሃ ሽቅብ እንደማይወጣ ለማወቅ ቴክኒሺያን ያስፈልጋል?»

በዙሪያው የነበረው ሰው ሳቀ። አንጁሎም ሳቀ፤ ግን አልለቀቃቸውም።

«ታዲያ ለምን መጣችሁ?»

ኤርጎ የልጅ ጥያቄ እንደጠየቀ ሰው አዩት። «ነገርከን» አሉ።

ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አኖሩ። ሁለት ሦስት እርምጃ ሄደው እንደዋዛ ዞር አሉ፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም።

«እኔ ሰኞ የላይኛውን ማሳ እቆፍራለሁ።»

ይህን ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከዚያ አረጋሽ ቧንቧውን ዘግታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ወንድም አንጁሎ፣ ሰማህ?» አለች።

«ሰማሁ» አለ አንጁሎ።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለችና ወደ ወረፋው ዞረች። «ዶማ ያላችሁ እነማን ናችሁ?»